የዐረብኛውን መስደር ከግሱ ትርጉምና ከሥሩ ዓይነት መገመት፦ ደረጃ በደረጃ

ዐረብኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ግሱን በደንብ ይይዛል። ኸረጀ ማለት ወጣ፣ ደኸለ ማለት ገባ። «መውጣት» ወይም «መግባት» በል ሲሉት ግን ይቆማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በአማርኛ ንዑስ አንቀጹ አንድ መንገድ ብቻ አለው፤ «መ» ትቀድማለች፣ አለቀ። ወጣ መውጣት፣ ገባ መግባት፣ በላ መብላት። የዐረብኛው አቻ መስደር ይባላል፤ እሱ ግን በመሠረታዊው ባለ ሦስት ፊደል ግስ ላይ ብዙ ቅርጾች አሉት። ተማሪው አንዱን ቅርጽ ይይዝና ለሁሉም ግስ ያለብሰዋል።

እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። አንድ ትልቅ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃውን «ወይን አድ-ደኽል?» ብዬ ጠየቅሁት። «መግቢያው የት ነው?» ማለቴ ነበር። እሱ የሰማው ግን «ገቢው የት ነው?» የሚል ነው። ደኽል ገቢ፣ የሚገኝ ገንዘብ ነው። መግባት ዱኹል ነው። ከራሱ በላይ ያለውን ሰሌዳ በጣቱ አሳየኝ። ዱኹል ይላል።

የምሰጣችሁ መንገድ መልሱን ሁልጊዜ አያስገኝም። የዐረብ ሰዋስው ሊቃውንት ራሳቸው ይህን ክፍል ለሁለት ይከፍሉታል፦ በሥርዓት የሚገመትና በመስማት ብቻ የሚያዝ። መንገዱ የመጀመሪያውን በእጃችሁ ያስገባል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ሳትቸገሩ እንድትለዩት ያደርጋል።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የፊደሉ አጻጻፍ። ዐረብኛውን በፊደላችን ስለምጽፍ ይህን ልብ በሉ። ዐ ለዐይን፣ ሐ ለሓእ፣ ኸ ለኻእ፣ ጸ ለሷድ፣ ፀ ለዷድ፣ ጠ ለጣእ፣ ገ ለገይን፣ ዘ ለዛይም ለዛልም ቆማለች። ግዕዙ (ከ) አጭር ድምፅ ነው፣ ራብዑ (ካ) ረጅም። ዐ እና ዓ ላይም እንደዚያው፤ በአማርኛ አንድ ዓይነት ብናነባቸውም እዚህ ይለያያሉ። «መስደር» የሚለውን ቃል ግን ሁላችንም እንደለመድነው ትቼዋለሁ።

ሞዴሉ። ቅርጾቹን በ«ፈዐለ» እንለካለን። ፈ የመጀመሪያው፣ ዐ የመካከለኛው፣ ለ የመጨረሻው የሥር ፊደል ምትክ ናቸው። «ፉዑል» ስል በኸ-ረ-ጀ ላይ ስታለብሱት ኹሩጅ ይሆናል።

ካርዱ። ለእያንዳንዱ ግስ አንድ ካርድ ወይም አንድ መስመር ያዙና አራት ነገር ጻፉበት፦ የኃላፊው ጊዜ ከነአናባቢው፣ የአሁኑ ጊዜ፣ ትርጉሙ፣ ተሳቢ ይወስድ እንደሆነ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ አትጀምሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደንቡን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ የመካከለኛውን ፊደል አናባቢ ሳያረጋግጥ ስለሚገምት ነው።

## ደረጃ 1፦ ግሱ መሠረታዊ መሆኑን አረጋግጡ

የኃላፊውን የ«እሱ» ቅርጽ ተመልከቱ። ሦስት ፊደል ብቻ ካለውና መካከለኛው ካልጠበቀ መሠረታዊ ነው። ቀጥሎ የአሁኑን ጊዜ እዩ። በ«የ» መጀመር አለበት፦ የኽሩጁ፣ የፍሀሙ። በ«ዩ» ከጀመረ መሠረታዊ አይደለም፣ ይህ መመሪያም አይመለከተውም። እነዚያ ግሶች መስደራቸው መደበኛ ነው፣ መገመት አያስፈልጋቸውም።

ማስጠንቀቂያ። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ውስጥ የኖረ ሁሉ «ኢቃማ» የሚለውን ቃል ያውቃል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ነው። በጆሮ ሲሰማ ደረጃ 4 ላይ የምናየውን «ፊዓላ» ይመስላል። አይደለም። ግሱ አቃመ፣ ዩቂሙ ነው፤ «ዩ» አጋለጠችው። በዚህ ቃል ላይ ተመሥርታችሁ ደንብ ከሠራችሁ ደንቡ ከሥሩ የተበላሸ ይሆናል።

## ደረጃ 2፦ የመካከለኛውን ፊደል አናባቢ እዩ

ሦስት ዓይነት ብቻ ነው ያለው፦

- ፈዐለ፦ ኸረጀ (ወጣ)፣ ከተበ (ጻፈ)
- ፈዒለ፦ ፈሪሐ (ተደሰተ)፣ ፈሂመ (ገባው፣ ተረዳ)
- ፈዑለ፦ ሰሁለ (ቀለለ)፣ ጸዑበ (ከበደ፣ አስቸገረ)

ሦስተኛው ከሆነ ወደ ደረጃ 3 ሂዱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሆኑ ደረጃ 3ን ዝለሉና ደረጃ 4 ላይ ጀምሩ።

## ደረጃ 3፦ «ፈዑለ» ከሆነ

እነዚህ ግሶች ጠባይን ወይም ሁኔታን ይናገራሉ፣ ተሳቢም አይወስዱም። መስደራቸው በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው፦ ፉዑላ ወይም ፈዓላ። ለመምረጥ ቅጽሉን ጠይቁ።

1. ቅጽሉ አጭር ከሆነ፣ ማለትም ሰህል (ቀላል) ወይም ጸዕብ (ከባድ) እንደሚለው ከሆነ፣ ፉዑላ በሉ፦ ሱሁላ፣ ጹዑባ።
2. ቅጽሉ ፈዒል በሚለው ቅርጽ ከመጣ፣ ለምሳሌ ፈጺሕ (አንደበተ ርቱዕ)፣ ፈዓላ በሉ፦ ፈጻሓ።

የሚያፈነግጡት የታወቁ ቃላት ናቸው። ከሩመ (ቸር ሆነ) ከረም፣ ሐሱነ (አማረ) ሑስን። ቀሩበ (ቀረበ) ቁርብ፣ በዑደ (ራቀ) ቡዕድ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ልብ አላችሁ? ተቃራኒዎች ናቸው፣ ቅርጻቸው ግን አንድ ነው። ከቡረ (ተለቀ) ኪበር፣ ጸጉረ (አነሰ) ጺገርም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ የሚያፈነግጥ ቃል ስታገኙ ተቃራኒውን አብራችሁ ፈልጉ። አንዱን መያዝ ሌላውን ይሰጣችኋል።

## ደረጃ 4፦ መጀመሪያ ትርጉሙን፣ ከዚያ ሰዋስውን

ቅደም ተከተሉ የሚበላሸው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው «ተሳቢ ይወስዳል ወይስ አይወስድም?» ብሎ ይነሳል። ያ ጥያቄ ሁለተኛ ነው። ግሱ ከሚከተሉት የትርጉም ቤቶች በአንዱ ከገባ ትርጉሙ ያሸንፋል።

### ሙያ፣ ሥራ፣ ሥልጣን፦ ፊዓላ

ዘረዐ (ዘራ) ዚራዓ፣ ግብርና። ተጀረ (ነገደ) ቲጃራ፣ ንግድ። ኻጠ (ሰፋ) ኺያጣ፣ የልብስ ስፌት ሙያ። ሥልጣንም እዚህ ነው፦ ዊዛራ ሚኒስቴር፣ ኢማራ የአሚር ግዛት።

ፈተናው ቀላል ነው። የሠራተኛው ስም መካከለኛ ፊደሉ ጠብቆ «ፈዓል» በሚለው ቅርጽ ይገኛል? ነጃር (አናጺ)፣ ኸያጥ (ልብስ ሰፊ)፣ ሐላቅ (ጸጉር አስተካካይ) አለ? እንግዲያው ሙያው ኒጃራ፣ ኺያጣ፣ ሒላቃ ነው።

ግን አንዱ ግስ ሁለት መስደር ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ለድርጊቱ፣ ሌላው ለሙያው። ጠበኸ ማለት ምግብ አበሰለ ነው። የዛሬው የማብሰል ሥራ ጠብኽ ነው፤ ሙያው ጢባኻ። ጠባኽ የሚባል ባለሙያ መኖሩ ጢባኻን ይሰጣችኋል እንጂ ጠብኽን አይሰርዝም። «ዓረፍተ ነገሬ የሚናገረው ስለ ድርጊቱ ነው ወይስ ስለ ሙያው?» ብላችሁ ምረጡ።

### ወዲያ ወዲህ ማለት፣ መፍላት፣ መዞር፦ ፈዐላን

ገላ (ፈላ) ገለያን። ኸፈቀ (ልብ መታ) ኸፈቃን። ዳረ (ዞረ) ደወራን። ጣረ (በረረ) ጠየራን። ነገሩ የማይረጋ እንቅስቃሴ መሆን አለበት። ዝም ብሎ ከቦታ ቦታ መሄድ እዚህ አይገባም፤ ኸረጀ፣ ወረደ ማለት የሆነው ነዘለ፣ ደረሰ ማለት የሆነው ወጸለ ሁሉም እንቅስቃሴ ናቸው፣ ግን ወጥቶ ወይም ደርሶ የሚያበቃ ነው። ውሃ ሲፈላ፣ ልብ ሲመታ፣ ክንፍ ሲወዛወዝ ግን ድርጊቱ ራሱ ይደጋገማል።

ዱባይ ያለፈ ሰው የኤምሬትስ አየር መንገድን የዐረብኛ ስም ሳያየው አይቀርም፤ «ጠየራን አል-ኢማራት» ይላል። ሁለት ቃል፣ ሁለት የትርጉም ቤት። ጠየራን መብረር ነው፣ የማይረጋ እንቅስቃሴ። ኢማራት የኢማራ ብዙ ቁጥር ነው፣ የሥልጣን ቤት። ይህን አንድ ስም ከያዛችሁ ሁለቱ ቅርጾች አይጠፏችሁም።

### ድምፅ፦ ፉዓል ወይም ፈዒል

ጸረኸ (ጮኸ) ጹራኽ። ነበሐ (ውሻ ጮኸ) ኑባሕ። ጸሀለ (ፈረስ አሽካካ) ጸሂል። ዘአረ (አንበሳ አገሳ) ዘኢር። ከሁለቱ የትኛው? እዚህ ላይ የሥሩ ዓይነት ይረዳናል።

- የመጨረሻው ፊደል ደካማ፣ ማለትም ወ ወይም የ፣ ከሆነ ፉዓል ነው፦ በካ (አለቀሰ) ቡካእ፣ ዐዋ (ተኩላ ጮኸ) ዑዋእ።
- የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች አንድ ከሆኑ ወደ ፈዒል ያጋድላል፦ ረነ (ደወለ፣ አቃጨለ) ረኒን፣ አነ (አቃሰተ) አኒን፣ ጠነ (እንደ ንብ ጮኸ) ጠኒን። በነዚህ ግሶች «ነ» ጠብቃ ትነበባለች።
- ሥሩ ከሁለቱም ነጻ፣ ማለትም ጤነኛ፣ ከሆነ ገምቱ፣ ከዚያ መዝገበ ቃላት እዩ። ሁለቱንም የሚቀበሉ ግሶች አሉ።

### ሕመም፦ ፉዓል

ሰዐለ (አሳለው) ሱዓል። ዐጠሰ (አነጠሰ) ዑጣስ። ራስ ምታት ጹዳዕ ነው፣ ጉንፋን ዙካም። ፋርማሲ ስትገቡ ይህ አንድ ቅርጽ ብዙ ያስኬዳችኋል። ተጠንቀቁ፤ «ታመመ» የሚለው አጠቃላዩ ግስ መሪፀ መስደሩ መረፅ ነው። ቅርጹ የሚሠራው ለተለየ ሕመም ነው፣ ለመታመም በጠቅላላው አይደለም።

### እምቢታና መሸሽ፦ ፊዓል

ይህ ትንሽ ቤት ነው። አባ (እምቢ አለ) ኢባእ፣ ፈረ (ሸሸ፣ «ረ» ጠብቃ) ፊራር፣ ጀመሐ (ፈረስ አልገራም ብሎ አመለጠ) ጂማሕ።

## ደረጃ 5፦ ከትርጉም ቤቶቹ ውጭ ከሆነ

አሁን ስለ ተሳቢ ጠይቁ። አማርኛችን እዚህ መሣሪያ ይሰጠናል፤ «ን» የምትባለዋ ምልክት። ግሱን በአማርኛ ከታወቀ ስም ጋር አስቀምጡት። «ዕቃውን ተሸከመ» ይባላል፣ ስለዚህ ተሳቢ ይወስዳል። «ቤቱን ገባ» አይባልም፣ «ቤቱ ገባ» ነው፤ ስለዚህ ደኸለን ተሳቢ እንደማይወስድ ቁጠሩት። ዐረብኛው ላይ ደኸለ ያለ መስተዋድድ «ቤት» ከሚለው ስም ጋር ሲመጣ ታዩታላችሁ፤ ይህ እንዳያታልላችሁ። እኔን ያሳሳተኝ እሱ ነው። ተሳቢ የሚወስድ መስሎኝ ደኽል አልኩ።

ሀ. ተሳቢ የሚወስድ ከሆነ፦ ፈዕል። አናባቢው ፈዐለም ይሁን ፈዒለ ለውጥ የለውም። ፀረበ (መታ) ፀርብ፣ አከለ (በላ) አክል፣ ፈተሐ (ከፈተ) ፈትሕ፣ ፈሂመ (ተረዳ) ፈህም፣ ሐመለ (ተሸከመ) ሐምል።

ለ. ተሳቢ የማይወስድ፣ ፈዐለ ከሆነ፦ ፉዑል። ኸረጀ ኹሩጅ፣ ደኸለ ዱኹል፣ ጀለሰ (ተቀመጠ) ጁሉስ፣ ነዘለ (ወረደ) ኑዙል፣ ወጸለ (ደረሰ) ዉጹል። ሱጁድና ሩኩዕ የሚሉትን ቃላት ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ከሶላት ያውቃቸዋል፤ የሰጀደና የረከዐ መስደሮች ናቸው። ቅርጹ በጆሯችሁ አለ ማለት ነው።

ሐ. ተሳቢ የማይወስድ፣ ፈዒለ ከሆነ፦ ፈዐል። ስሜትና ጊዜያዊ ሁኔታ ናቸው። ፈሪሐ ፈረሕ፣ ተዒበ (ደከመ) ተዐብ፣ ገፂበ (ተቆጣ) ገፀብ፣ ዐጢሸ (ጠማው) ዐጠሽ።

በ«ሐ» ላይ አንድ ማጣሪያ ጨምሩ። አናባቢው ፈዒለ ሆኖ ትርጉሙ ግን ስሜት ሳይሆን የሰውነት እንቅስቃሴ ከሆነ ወደ ፉዑል ይመለሳል። ጸዒደ (ወጣ፣ ወደ ላይ) ጹዑድ፣ ቀዲመ (መጣ፣ ከጉዞ ደረሰ) ቁዱም። አውሮፕላን ማረፊያ የመድረሻው ሰሌዳ ላይ ዉጹል ወይም ቁዱም የሚለውን ብታዩ ሁለቱም ከአንድ ቅርጽ ናቸው።

## ደረጃ 6፦ ሥሩ የሚያደርገውን ለውጥ አስገቡ

ቅርጹን መረጣችሁ። ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ጨርሳችኋል። ደካማ ፊደል (ወ ወይም የ) ካለበት ግን አንድ ሥራ ቀርቷል።

መካከለኛው ደካማ ሲሆን። መጀመሪያ የተደበቀውን ፊደል አውጡ። የአሁኑ ጊዜ ይነግራችኋል፦ የቁሉ ከሆነ ወ፣ የቢዑ ከሆነ የ። ከዚያ፦

1. ፈዕል ላይ ፊደሉ ይመለሳል። ቃለ (አለ) ቀውል፣ ባዐ (ሸጠ) በይዕ።
2. ፈዐላን ላይም ይመለሳል። ጣረ፣ የጢሩ፣ ጠየራን። ዳረ፣ የዱሩ፣ ደወራን።
3. ከ«ኢ» ድምፅ በኋላ ረጅም «ኣ» ሲከተል ወ ወደ የ ይቀየራል። መንጃ ፈቃድ ላይ ያለውን ቃል ውሰዱ። ሳቀ (ነዳ)፣ የሱቁ፤ ሙያ ስለሆነ ፊዓላ፤ ስለዚህ ሲዋቃ ትላላችሁ። ስህተት ነው፣ ሲያቃ ነው። ቃደ (መራ፣ ነዳ) ቂያዳም እንደዚሁ።
4. ፉዑል መሆን የነበረበት ከሆነ ተዉት። ወ ወይም የ መካከል ላይ ሆኖ ፉዑል ለምላስ ስለሚከብድ ዐረቦቹ በአብዛኛው ይሸሹታል። በቦታው ፈዕል፣ ፈዕላ ወይም ፊዓል ይመጣል። ጻመ (ጾመ) ጸውም፣ ሳረ (ተጓዘ) ሰይር፣ ዓደ (ተመለሰ) ዐውዳ፣ ቃመ (ቆመ) ቂያም።

ሳዑዲ የኖረ ሰው «ኹሩጅ ወ-ዐውዳ» የሚለውን ቪዛ ያውቀዋል፤ ወጥቶ የመመለሻው ነው። ሁለቱም ግሶች እንቅስቃሴ ናቸው፣ ሁለቱም ተሳቢ አይወስዱም። ለምን አንዱ ኹሩጅ፣ ሌላው ዐውዳ ሆነ? ትርጉሙ አንድ ዓይነት ነው፣ የሥራቸው ዓይነት ይለያያል። ኸ-ረ-ጀ ጤነኛ ነው፤ ዐ-ወ-ደ መካከሉ ደካማ ነው። የዚህን ደረጃ ጠቅላላ ነገር ያቺ ወረቀት ይዛዋለች።

የመጨረሻው ደካማ ሲሆን። ፈዕል ላይ ፊደሉ ይታያል፦ ረማ (ወረወረ) ረምይ፣ መሻ (ተራመደ) መሽይ። ረጅም «ኣ» ከቀደመው ግን ወደ ሀምዛ (እ) ይቀየራል፦ በና (ገነባ) ቢናእ፣ በካ ቡካእ። «ዱዓ» የምንለው ቃልም በዐረብኛው ዱዓእ ነው፣ ከደዓ (ጠራ፣ ለመነ)። በፉዑል ላይ ደግሞ ሁለቱ ወ ተዋህደው ይጠብቃሉ፦ ዐላ (ከፍ አለ) ዑሉው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት አንድ ሲሆኑ። ፈዕል ላይ ይዋሃዳሉ፦ ረደ (መለሰ) ረድ፣ ዐደ (ቆጠረ) ዐድ፣ ሁለቱም «ድ» ጠብቃ። ፉዑል ላይ ይለያያሉ፦ መረ (አለፈ) ሙሩር። ትራፊክ ሙሩር መባሉ ከዚህ ነው።

የመጀመሪያው ወ ሲሆን። በአብዛኛው ምንም አይለወጥም፦ ወዐደ (ቃል ገባ) ወዕድ። አንዳንዱ ግን ወን ጥሎ መጨረሻ ላይ «ኣ» ይጨምራል፦ ወጸፈ (ገለጸ) ወጽፍ ነው፣ ጺፋም ይባላል። ሁለቱንም ካርዱ ላይ ጻፉ።

## አንድ ግስ ከነስህተቱ

ሰበሐ፣ የስበሑ፣ ዋኘ። ካርዱን እንሙላ።

ሦስት ፊደል ነው፣ የአሁኑ ጊዜ በ«የ» ይጀምራል። መሠረታዊ ነው። አናባቢው ፈዐለ። ተሳቢ? «ዋኘ» ማንን አይጠይቅም፣ አይወስድም። ሥሩ ጤነኛ ነው።

ቸኩሎ ደረጃ 5 ላይ የገባ ሰው «ሱቡሕ» ይላል። ደንቡን በትክክል ተጠቅሟል፣ መልሱ ግን ተሳስቷል። ደረጃ 4ን ዘልሏል። ወደኋላ እንመለስ። መዋኘት የማይረጋ እንቅስቃሴ ነው? እጅና እግር ይወዛወዛል፣ ሊያስብል ይችላል። ሙያ ወይም ችሎታ ነው? የሚሠለጠንበት ነገር ነው። የሰውዬው ስምስ? ሰባሕ አለ፣ ዋናተኛ። ፈተናውን አለፈ። እንግዲህ ፊዓላ፦ ሲባሓ። ትክክል ነው፤ ዋና የሚለው ቃል ሲባሓ ነው።

ሁለት ቤት ሲጎትታችሁ የሠራተኛው ስም ይፍረድ። ይህ ፈተና ለእኔ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ አስተማማኝ ሆኖልኛል።

ጀራ የሚለው ግስ ደግሞ የተለየ ነገር ያሳያል። ሰው ሮጠ ሲሆን ጀርይ ነው። ውሃ ፈሰሰ ሲሆን ጀረያን። ግሱ አንድ ነው፣ ሥሩ አንድ ነው፣ የሚፈሰው ነገር ግን አይቆምምና ወደ ፈዐላን ሄደ። ትርጉሙን ካርዱ ላይ በአንድ ቃል ብቻ አትጻፉ የምለው ለዚህ ነው።

## ግምቱ ሲሳሳት

ተሳቢ ይወስዳል፣ ግን ፈዕል አልሆነም። ይህ በብዛት ይገጥማችኋል። መጀመሪያ ሁለት ጎረቤት ቅርጾችን ሞክሩ፦ ፊዕል እና ፉዕል። ዐሊመ (ዐወቀ) ዒልም፣ ዘከረ (አስታወሰ፣ አወሳ) ዚክር፣ ሸከረ (አመሰገነ) ሹክር፣ ሸሪበ (ጠጣ) ሹርብ። አንድ አናባቢ ብቻ ነው የተለወጠው። ተናጋሪው የምትሉትን ይረዳል፤ እርማቱን ግን ካርዱ ላይ በቀይ ጻፉ።

ተሳቢ አይወስድም፣ ግን ፉዑል አልሆነም። ዘሀበ (ሄደ) ዘሃብ ነው። «ሃ» ረጅም መሆኗን አደራ። አሳጥራችሁ ዘሀብ ካላችሁ ወርቅ ይሆናል። ረቀጸ (ጨፈረ) ረቅጽ፣ ለዒበ (ተጫወተ) ለዒብ። እነዚህ በመስማት የሚያዙ ናቸው፤ ምክንያት አትፈልጉላቸው።

ፊዓላ ወይስ ፈዓላ? «ከፋላ»ን ውሰዱ፣ ስፖንሰር የሚደረግበትን። ኃላፊነት ነው፣ ሥልጣንም ይመስላል፤ ስለዚህ ኪፋላ ብላችሁ ትገምታላችሁ። ከፋላ ነው። መጽሐፍ ላይ አጭር አናባቢ ስለማይጻፍ ሁለቱ በዓይን አንድ ናቸው። ስህተቱ የሚታወቀው ጮክ ብላችሁ ስታነቡ ብቻ ነው።

ፈዕላ የሚል ቅርጽ ሰማችሁ። ወዲያው መስደር ብላችሁ አትመዝግቡት። ብዙ ጊዜ «አንድ ጊዜ» ማለት ነው። ፀርባ አንድ ምት ነው፣ መምታት ግን ፀርብ። ጀልሳ አንድ ስብሰባ ወይም አንድ ችሎት ነው፣ መቀመጥ ጁሉስ። ለመለየት «ሁለት» ብላችሁ ቁጠሩት። ፀርበተይን (ሁለት ምት) ይባላል፤ መስደሩ ግን እንዲህ አይቆጠርም። እንደ ዐውዳ ያሉት ቅርጹን ለመስደርነት የወሰዱ ናቸው፣ በካርዱ ላይ ምልክት አድርጉባቸው።

## ደረጃ 7፦ አረጋግጡና በአንድ ትንፋሽ መዝግቡ

ሳትገምቱ መዝገበ ቃላት አትክፈቱ። መጀመሪያ ግምታችሁን በእርሳስ ጻፉ። ከዚያ ግሱን ፈልጉ፤ መስደሩ ከግሱ አጠገብ፣ ብዙውን ጊዜ በቅንፍ ውስጥ ይገኛል። ሁለትና ሦስት ከተዘረዘረ የሚስማማችሁን ትርጉም የያዘውን ምረጡ፣ የመጀመሪያውን በጭፍን አትውሰዱ።

ከዚያ በመድረሳ የሰርፍ ተማሪዎች በሚያነበንቡት ዓይነት ሦስቱን አንድ ላይ ጮክ በሉ፦ ኸረጀ፣ የኽሩጁ፣ ኹሩጀን። ፈሂመ፣ የፍሀሙ፣ ፈህመን። ሰበሐ፣ የስበሑ፣ ሲባሐተን። መስደሩ ብቻውን አይያዝም፤ ከሁለቱ ጋር ሲዜም ግን አናባቢውም አብሮ ይገባል። ግምታችሁ ትክክል ከነበረ ካርዱን ወደ ጎን አድርጉት። ከተሳሳተ የተሳሳተበትን ደረጃ ቁጥር ጠርዙ ላይ ጻፉ። ሠላሳ ካርድ ያህል ሲሞላ ቁጥሮቹን ደርድሩ። 4 ከበዛ ትርጉሙን እየዘለላችሁ ነው። 5 ከበዛ የ«ን» ፈተናውን አልተጠቀማችሁበትም። 6 ከበዛ የአሁኑን ጊዜ ሳትጽፉ ነው የጀመራችሁት፤ ወደ ካርዱ ተመለሱና ሙሉት።